ኤሊ ለምን ተናደደች?

የሁለተኛ ክፍል ልጆች «ቲቸር ጣት» ነበር የሚሏት። በፊቷ ደፍሮ የሚጠራት አልነበረም እንጂ ከኋላዋ ስሙ ዕድሜዋን ሙሉ ተከትሏታል። የወጣላትም ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ልጅ ምንባቡን አንብቦ ሲጨርስ ትጠይቀዋለች፤ ሲመልስላት ደግሞ «ጣትህን አስቀምጥ!» ትለዋለች። መልሱ የተጻፈበት መስመር ላይ ጣቱን ካላስቀመጠ ትክክል ቢናገርም አታልፈውም። ጣት የሌለው መልስ ለእሷ ወሬ ነው። እንዲህ እያለች የስንቱን ልጅ ዓይን ፊደል ላይ ገልጣ፣ ፀጉሯ ሸብቶ ጡረታ ወጣች።

ጡረታ የወጣች ዕለት ሁሉም «በቃ እንግዲህ፣ አሁን ታርፊያለሽ» አሏት። ከማን ጋር እንደምታርፍ ግን የነገራት የለም። ቤቷ ሁለት ክፍል ከነማድ ቤቱ ነው። በአንደኛው ክፍል የእናቷ አልጋ እንደተነጠፈ አለ፤ እናትየው ካረፉ ወዲህ የተኛበት ሰው የለም፣ እሷም አታነሳውም። ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ሬዲዮ ትከፍታለች። ዜና አንባቢው «እንደምን አደራችሁ» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች። ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ የሚያናግራት እሱ ነው፤ ስለ ዋጋ ንረት ሲያወራ «አትንገረኝ!» ትለዋለች፣ ስለ አየር ጠባይ ሲያወራ በመስኮት አየት አድርጋ «ውሸትህን ነው» ትለዋለች።

ስለዚህ የሕፃናት ማንበቢያ መጽሐፍ ከሚያዘጋጀው ቢሮ ደውለው «ለሁለተኛ ክፍል ተረት የሚጽፍና ጥያቄ የሚያወጣ ልምድ ያለው መምህር እንፈልጋለን» ሲሏት ዓይኗን ሳታሽ ተስማማች። ስለ ክፍያው እንኳ ሳትጠይቅ ነው ስልኩን የዘጋችው።

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ብቻ ነው። አብረዋት የሚሠሩት ሁለት ወጣቶች ናቸው። አንዱ አርታኢው ነው፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ሁሌ እርሳስ ጆሮው ላይ የሚሰካ። አንዷ ሠዓሊዋ ናት፤ ጆሮዋ ውስጥ ሙዚቃ ሰክታ ቀኑን ሙሉ ጥንቸልና ዝንጀሮ ስትስል የምትውል። ሁለቱም ያከብሯታል፤ ችግሩም እሱ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ «ቲቸር፣ አብረን እንውጣ?» ይሏታል፣ «አይ፣ ይዤ መጥቻለሁ፣ ሂዱ» ትላቸዋለች፣ እነሱም እንዳለቻቸው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ደግመው ቢጠይቋት ብድግ ትል ነበር። አክባሪ ሰው ግን ደጋግሞ አይጠይቅም፤ እሷም ምሳዋን ግድግዳውን እያየች ትበላለች።

ሥራው ለማያውቀው የሕፃን ጨዋታ ይመስለዋል። ተረቱ ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም፤ ከሥሩ አምስት ጥያቄ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ልጁ ያነበበውን ማስታወሱን የሚጠይቁ ናቸው፤ ማን፣ የት፣ ምን አለች፣ ስንት ጊዜ። መልሳቸው ገጹ ላይ መኖር አለበት፣ የጥያቄዎቹም ቅደም ተከተል የታሪኩን መከተል አለበት። «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚያስብል ጥያቄ አይወጣም፤ ምንም ያላነበበ ልጅ ገምቶ ያገኘዋላ! በጥያቄው ውስጥ ያለው ቃል ከተረቱ ቃል ከበደ ማለት ደግሞ ልጁ የወደቀው በተረቱ ሳይሆን በጠያቂው ነው። አምስተኛው ስለ ስሜት ነው። እሱ በአንድ መስመር ተጽፎ አይገኝም፤ ልጁ እንስሳዋ ካደረገችውና ከተናገረችው ለቅሞ ያመጣዋል። በመምህሩ መምሪያ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚጠበቀው መልስ ይሰፍራል። ይህንን ሁሉ እሷ በእንቅልፍ ልቧም ታውቀዋለች።

የዚያን ሳምንት ተራው የአንድ ተረት ነበር፤ እናቷ ለእሷና ለታናሽ እህቷ ከመኝታ በፊት የሚነግሯቸው። ለሁለተኛ ክፍል እንዲሆን አሳጥራ እንዲህ ጻፈችው።

«ኤሊና ሽመላ ጓደኛሞች ነበሩ። በአንድ ኩሬ ዳር ይኖሩ ነበር። አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋ። ኩሬው ደረቀ። ሽመላ ‹ውኃ ፈልጌ እመጣለሁ፤ ጠብቂኝ› አለች። ክንፏን ዘርግታ በረረች። ኤሊ በየቀኑ ሰማዩን ታይ ነበር። ሽመላ ግን ቆየች። ዝናብ ዘነበ። ኩሬው ሞላ። አንድ ቀን ሽመላ መጣች። ኤሊ ስታያት አንገቷን ወደ ቅርፊቷ ከተተች። ሽመላ ‹ኤሊ! ኤሊ! ኤሊ!› ብላ ሦስት ጊዜ ጠራቻት። ቅርፊቷን በአፏ አንኳኳች። ኤሊ ዝም አለች። ሽመላ በርራ ሄደች። ኤሊ አንገቷን ስታወጣ ማንም አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኤሊ አንገቷን አውጥታ ወዲያና ወዲህ ታያለች።»

ከሥሩ ጥያቄዎቿን ደረደረች። ኤሊና ሽመላ የት ይኖሩ ነበር? ኩሬው ለምን ደረቀ? ሽመላ ስትሄድ ኤሊን ምን አለቻት? ሽመላ ኤሊን ስንት ጊዜ ጠራቻት? አምስተኛው፦ ኤሊ ለምን ተናደደች? በመምሪያው ላይም «የሚጠበቅ መልስ፦ ሽመላ ጥላት ስለሄደችና ስለዘገየችባት» ብላ አሰፈረች። እጇን አራግፋ ለአርታኢው ሰጠችው።

አርታኢው እንደ ልማዱ በእርሳሱ ጫፍ እየነካ አነበበ። አራቱን አለፈ። አምስተኛው ላይ ቆመ፤ ጭንቅላቱን አከክ አከክ አደረገ።

«ቲቸር፣ አምስተኛዋ ላይ ጣቴን የት ላስቀምጥ?» አላት።

ልማዷን አውቆ ሲቀልድ መስሏት ሳቀች። «ተናደደች የሚለው ላይ ነዋ!»

«እሱ የት ላይ ነው?»

«አንተ ልጅ፣ መነጽር ያስፈልግሃል» አለችና ወረቀቱን ተቀበለችው። ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር አንስታ ወደ ታች አወረደች። እስከ መጨረሻው ደረሰች፤ ተናደደች የሚል የለም። ተመለሰችና ከታች ወደ ላይ ሄደች። አሁንም የለም። እሷ እኮ ናት የጻፈችው! ስትጽፈው ያንን ቃል ያየችው እስኪመስላት ድረስ እርግጠኛ ነበረች። ጆሮዋ ጋለ።

«ተጻፈም አልተጻፈም ግልጽ ነው» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ አንድም ልጅ እንዲላት ያልፈቀደችውን ቃል ራሷ ስትለው ሰማችው።

ሠዓሊዋ አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ ነቀለች። «እኔም ልጠይቅዎት ነበር» አለች። «ሽመላ ስታንኳኳ የኤሊ ፊት እኮ አይታይም፣ ቅርፊቷ ብቻ ነው ያለኝ። የተናደደ ቅርፊት እንዴት ተደርጎ ነው የሚሳለው?»

«ኩርፍ ያለ አድርጊው!» አለቻት፤ ሦስቱም ሳቁ፣ እሷ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

አርታኢው ነገር ማክረር አይወድም። ረቡዕ ተረቶቹ ትምህርት ቤት ሄደው በልጆች የሚሞከሩበት ቀን ስለነበር፣ «ለአንዱ ክፍል የእርስዎን እንስጥ፣ ለሌላው ክፍል ‹ኤሊ ምን ተሰማት?› ብለን እንስጥ፣ ልጆቹ ይፍረዱን» አላት።

«ይሞከር!» አለች፤ ክርክር የምታሸንፍበት ድምፅዋ ነው።

ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ ከመደርደሪያው ጀርባ በእጁ ጠራት። እሷንም እህቷንም ከረሜላ ሊገዙ በሚመጡበት ዘመን የሚያውቅ ሽማግሌ ነው። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ታናሽሽ ደውላ ነበር» አላት። «ስልክሽን አታነሺላትም አሉ።»

«ግማሽ ኪሎ ስኳር» አለችው።

«ባልየው ሥራ ተቀይሮ ሩቅ አገር ሊሄዱ ነው፣ ከነልጆቻቸው ነቅለው። ቅዳሜ ጠዋት በዚህ ያልፋሉ። ‹መጥቼ አንኳኳለሁ፣ ከከፈተችልኝ ከፈተችልኝ፤ ካልሆነ ሁለተኛ አላስቸግራትም በልልኝ› ብላለች።» ከዚያ ስኳሯን እየመዘነ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «እኔ የተባልኩትን ነው የነገርኩሽ» አለ።

የእህትማማቾቹ ነገር እንዲህ ነው። እናታቸው ሲታመሙ ታናሺቱ አግብታ በሌላ ከተማ ነበረች። ታላቂቱ ሳታገባ ቀርታ፣ ቀን ከሰው ልጅ ጋር፣ ሌሊት ከእናቷ ጋር ስትታገል ዓመታት አለፉ። ታናሺቱ «እመጣለሁ፣ እመጣለሁ» እያለች አንዴ እርግዝና፣ አንዴ የልጅ ሕመም፣ አንዴ ሥራ ያዛት። እናትየው እስከ መጨረሻው «መጣች?» እያሉ በር በሩን ሲያዩ አረፉ። ታናሺቱ የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው። በለቅሶው ሰው መሀል አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ከወር በኋላ ተመልሳ መጣች፤ አሁን ብቻዋን። በሩን አንኳኳች፣ «እታለም» ብላ ተጣራች። ታላቂቱ ከውስጥ ናት። ሬዲዮኑን አጠፋች፣ የእናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ እጇን አጣጥፋ ዝም ጭጭ አለች። በሩ ሲንኳኳ ቆየ፣ ከዚያ ተወ። ያን ቀን አሸነፍኩ ብላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጠራ ስሟን አይታ ትተወዋለች። ስልኩም እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ቆመ። ሲቆም ደግሞ ሆድ ባሳት፤ «አየሽ፣ ድሮም ከአንጀቷ አልነበረም» አለች ለሬዲዮኑ።

ረቡዕ ጠዋት ከአርታኢው ጋር ትምህርት ቤቱ ገባች። የጠመኔውና የሕፃን ላብ ሽታ ተቀበላት፤ ከጡረታ ወዲህ ክፍል ገብታ አታውቅም። በመጀመሪያ የገቡበት ክፍል ልጆች ወረቀት ታደላቸው። ራሷ ቀስ ብላ አነበበችላቸው፣ ከዚያ እነሱ አነበቡ። አራቱን ጥያቄ ጣት እያስቀመጡ ተሻሙባት። ኩሬው ለምን ደረቀ ስትል አንዱ «ኤሊ ጠጥታው!» አለ። ጣቱን እንዲያስቀምጥ ስትጠይቀው ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ ራሱ ሳቀና «ዝናብ ጠፍቶ» ብሎ አረመ። ደስ አላት፤ ሥራዋን በቦታው አገኘችው።

አምስተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ኤሊ ለምን ተናደደች?»

እጅ በእጅ ሆነ። «ስለዘገየችባት!» «ጥላት ስለሄደች!» «ብቻዋን ውኃ ስለጠጣች!» መልሱ እንደ ጎርፍ መጣ። ወደ አርታኢው ዞር ብላ አየችው፤ አሁንስ ምን ትላለህ የሚል አስተያየት ነበር።

አርታኢው ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። ብድግ አለ። «ጎበዞች!» አላቸው። «አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ኤሊ ተናደደች ብሎ ማን ነገራችሁ?»

ልጆቹ ወረቀታቸውን አዩ። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ክፍሉ ሙሉ ጣቱን ቀሰረና ወደ እሷ አመለከተ። «ቲቸር ናት!»

እንደዚያ ያለ ጣት ገጥሟት አያውቅም። ጠመኔውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው። ልጆቹ ጥፋት የሠሩ መስሏቸው እጃቸውን አወረዱ። «ልክ ናችሁ፣ እኔ ነኝ» አለቻቸው በመጨረሻ።

በሌላው ክፍል ጥያቄው ተቀይሯል። አንገቷን ስትከት ኤሊ ምን ተሰማት? እዚህ እጅ ቶሎ አልተነሣም፤ ልጆቹ ወረቀቱን ደግመው ማየት ጀመሩ። አንዱ «ፈራች፤ ሽመላ መሆኗን አላወቀቻትም» አለ፤ ጓደኛው «‹ስታያት› ይላል እኮ!» ብሎ ጣቱን አስቀምጦ አስቆመው። አንዷ «አፈረች፤ ጭቃ ነካክቷት ነበር» አለች፤ ጭቃው ግን አልተገኘም። ከኋላ የተቀመጠው ወፍራም ልጅ «እንቅልፍ ወሰዳት» ሲል ክፍሉ ሳቀ፤ እንቅልፍ ስሜት አለመሆኑን ማስረዳት ጊዜ ፈጀ። ሌላው «ተናደደች» አለ። «እንዴት አወቅህ?» አለችው። «ዝም አለቻ! እናቴም ስትናደድ ዝም ነው የምትለው» አላት። ይሄንንስ ተቀበለችው፤ ትንሽም ተጽናናች።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች፣ ፀጉሯ ሁለት ጉንጉን የሆነች ልጅ ቀስ ብላ እጇን አወጣች።

«ደስ አላት» አለች።

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። እሷም የለመደችው ቃል ከአፏ አመለጣት። «ጣትሽን አስቀምጪ።»

ልጅቷ ጣቷን አስቀመጠች። «ኤሊ በየቀኑ ሰማዩን ታይ ነበር» ብላ ጮክ አድርጋ አነበበች። «በየቀኑ ስትጠብቃት ነበር። መጣችላት። ደስ አላት።»

«ደስ ካላት ታዲያ ለምን ተደበቀች?»

ልጅቷ የሚጠየቅ ነገር ነው እንዴ በሚል ፊት አየቻት። «ሽመላ ፈልጋ እንድታወጣት ነዋ! እኔም አባዬ ከመንገድ ሲመጣ አልጋ ሥር እገባለሁ። ‹የት ሄደች፣ የት ሄደች› እያለ ይፈልገኛል።» ከዚያ ወረቀቱን እንደገና አየችና ፊቷ ጭፍግግ አለ። «ሽመላ ግን ታሳዝናለች። ኤሊ ጨዋታ መሆኑን አልነገረቻትም።»

ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቹ ተግተልትለው ወጡ። እሷ ባዶው ክፍል ውስጥ ቆማ ቀረች። አርታኢው ወረቀቶቹን እየሰበሰበ «ቲቸር፣ ደህና ነዎት?» አላት። «ደህና ነኝ» አለችው። ደህና አልነበረችም። ስታሸንፍ የኖረችው ጨዋታ ሌላኛዋ ተጫዋች ሳታውቅ የተጫወተችው ነው ለካ።

ሐሙስና ዓርብ እንዴት እንዳለፉ አታውቅም። እከፍታለሁ ትላለች፣ ወዲያው የእናቷ «መጣች?» የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ላይ ይመጣና ልቧ ይደነድናል። አልከፍትም ትላለች፣ ወዲያው ደግሞ ከቅዳሜ በኋላ የሚያንኳኳ ሰው እንደማይኖር ታስባለች። ባለሱቁ ዱቤ ሊጠይቅ እንኳ እሷ ቤት አይመጣም፤ እጅ በእጅ ነው የምትከፍለው። በዚህ ዓለም ያንን በር ብሎ፣ ያንን በር አስቦ የሚመጣ አንድ ሰው ነው ያላት። ዓርብ ማታ ይህንን ስታስብ አለቀሰች፤ ሬዲዮኑ ስለ እግር ኳስ ያወራል።

ቅዳሜ ማልዳ ተነሣች። ሬዲዮ አልከፈተችም። ቤቱን ጠረገች፣ የተጠረገውን ደግማ ጠረገች፣ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መኪና ጥግ ላይ ሲቆም ሰማች። እግር ሲመጣ ሰማች። በሩ ተንኳኳ።

ትነሣለች ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አልተነሣችም። ሰውነቷ የለመደውን ነው የሚያውቀው። እጇ ራሱ ሄዶ ጭኗ ላይ ተጣጠፈ።

«እታለም» አለ ድምፁ ከውጭ። ያረጀ መሰላት።

እንደገና ተንኳኳ፤ ከመጀመሪያው የቀለለ። ከዚያ ዝም አለ። ኮቴው ሲዞር፣ ጠጠሩ ላይ ሲጫን ሰማችው። ያን ጊዜ የዚያች ልጅ ጭፍግግ ያለ ፊት መጣባት፤ አልነገረቻትም፣ ጨዋታ መሆኑን አልነገረቻትም። እንዴት እንደተነሣች አታውቅም። ወንበሩን ገፍታ፣ መወርወሪያውን በሁለት እጇ ስባ በሩን በረገደችው።

እህቷ ጀርባዋን ሰጥታ ከደረጃው ወርዳ ነበር። ዞረች።

«አለሽ?» አለቻት።

«አለሁ።»

ታናሺቱ ገብታ የእናቷን አልጋ ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ታላቂቱ የሚጠየቀውን ቀላል ቀላሉን ጠየቀች። መንገዱ እንዴት ነበር? ባልሽ ደህና ነው? ልጆቹስ የት አሉ?

«መኪና ውስጥ ናቸው።»

«ለምን ይዘሻቸው አልመጣሽም?»

ታናሺቱ ቀና ብላ አየቻት። «ባትከፍቺልኝስ? እንዳያዩ ብዬ ነው።»

ዝም ካለች ዝም ማለቷ ተመልሶ እንዳይውጣት ፈርታ ቶሎ ተናገረች። «ያን ጊዜ ውስጥ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ሬዲዮኑን ስታጠፊው ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ሄድሽ?»

«አልሄድኩም» አለች ታናሺቱ። «ባለሱቁ ጋ ተቀምጬ ሱቁን እስኪዘጋ ድረስ ይሄንን በር ሳይ ነበር። ትወጫለሽ ብዬ።»

ባለሱቁ! ያ ሽማግሌ ይህንን ሁሉ ጊዜ በሆዱ ይዞ ስኳር ሲመዝንላት ኖሯል።

«ምን ተሰማሽ?» አለቻት። ስትጠይቃት ድምፅዋ የክፍል ድምፅ ነበር፤ ሌላ የላትም።

ታናሺቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የልብሱን ጠርዝ በጣቷ አስተካከለች። «እማዬን እንደገና ያጣኋት መሰለኝ» አለች። «በመጀመሪያው አልደረስኩላትም። በሁለተኛው ግን ደርሼ፣ በር ላይ ቆሜ ነው ያጣኋት።»

ታላቂቱ አጠገቧ ተቀመጠች። በዚያ አልጋ ላይ ከእናታቸው በኋላ ሁለት ሰው ሲቀመጥበት የመጀመሪያው ነው። «አልተናደድኩም ነበር» አለች። ከዚያ ቃሏን አረመች፣ መምህር ናትና። «ተናድጄም ነበር። ግን ደግመሽ እንድታንኳኚ ነበር የምፈልገው። አንድ ጊዜ ደግመሽ ብታንኳኚ ኖሮ እከፍት ነበር።»

«እኔ ምን አውቄ፣ እታለም?» አለች ታናሺቱ፣ እንባዋ እየወረደ። «ምን አውቄ?»

ልጆቹ ተጠሩ፤ ገቡ፤ የማያውቋትን አክስታቸውን አፍረው ሳሟት። ባልየው ከመኪናው ወርዶ በሩ ላይ ሆኖ ሰዓቱን እያየ ይቅርታ ጠየቀ፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ቢበዛ ሻይ እስኪፈላ ያህል ነው የቆዩት፤ ሻዩም ተቀድቶ ሳይጠጣ ቀረ። ከጥግ ላይ ሲታጠፉ ትንሹ ልጅ በኋላ መስታወት እጁን አወዛወዘ። እሷም መኪናው ከጠፋ በኋላ ሁሉ እጇን ሳታወርድ ቆየች። ከዚያ ገባች፤ አምስቱን ብርጭቆ አጠበች። ቤቱ ከበፊቱ ይበልጥ ባዶ ሆነባት፤ በፊት የጎደለውን አታውቀውም ነበር፣ አሁን ፊቱን አይታዋለች። ያባከነችው ጊዜ አንገበገባት፤ ቁጭ ብላ ደህና አድርጋ አለቀሰች።

ሰኞ ቢሮ ስትገባ አምስተኛውን ጥያቄ ሰርዛ ለአርታኢው ሰጠችው። በቦታው ሁለት ገብተዋል። ኤሊ አንገቷን ስትከት ምን ተሰማት? ሽመላ ጠርታ ጠርታ ስትሄድ ምን ተሰማት? በመምሪያው ላይ ለመጀመሪያው «ልጁ ከምንባቡ ምክንያት እስካቀረበ ድረስ ማንኛውም መልስ ይቀበሉ» ይላል። የሁለተኛው ግን ባዶ ነው።

«ስድስት ጥያቄ ሆነ እኮ፣ ቲቸር» አላት አርታኢው።

«ኩሬው ለምን ደረቀ የሚለውን አውጣው። ዝናብ መጥፋቱን ማንም ያውቀዋል።»

አርታኢው እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። «እሺ። የሽመላዋ መልስ ግን አልተሞላም። እንደ ላይኛው ልበለው?»

«በለው።»

ሲጽፍ ቆይቶ ቀና አለ። «እርስዎ ራስዎ ግን ምን ይላሉ? የትኛው መስመር ላይ ነው ጣትዎን የሚያስቀምጡት?»

ወደ መስኮቱ፣ ወደ ግድግዳው አየች። «የትም ላይ የለም» አለችው። «እኔ ራሷን ጠየቅኳት።»

አርታኢው ሳቀ፤ የምትቀልድ መስሎት ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁለቱ ወጣቶች ተነሡና እንደ ልማዳቸው «ቲቸር፣ አብረን እንውጣ?» አሏት። «አይ፣ ይዤ መጥቻለሁ» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችውና ቦርሳዋን አነሣች።